ድምፁ የልጅዎ ነው፤ ደዋዩስ?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የምትኖር አንዲት እናት ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። ስታነሳው የ15 ዓመት ልጇ ድምፅ ነው፤ «እማዬ፣ ጥፋት አጠፋሁ» እያለ ያለቅሳል። ወዲያው አንድ ወንድ ስልኩን ተቀብሎ ልጅቷን እንዳገታት ነገራት፤ ለፖሊስ ብትናገር እንደሚጎዳትም ዛተ። አንድ ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ የለኝም ስትለው ወደ 50,000 ወረደ። አጠገቧ የነበሩ እናቶች ለፖሊስና ለባለቤቷ ደወሉ። ልጅቷ ግን ምንም ሳትሆን ተገኘች። እናትየዋ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ፣ ድምፁም አለቃቀሱም የልጇ ለመሆኑ ቅንጣት ታህል እንዳልተጠራጠረች ተናግራለች።

ዛሬ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር የጥቂት ሰከንድ ናሙና ይበቃዋል። ቲክቶክ ላይ የተለጠፈ አጭር ቪዲዮ በቂ ነው። ስለዚህ «የልጄን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?» የሚለው መተማመን አያዋጣም። በ2023 የወጣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት፣ አድማጮች ሰው ሠራሹን ድምፅ መለየት የቻሉት 73 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እነዚያ አድማጮች እየተፈተኑ መሆኑን የሚያውቁ ናቸው። የደነገጠች እናትማ እንዴት ትለየው?

ከድምፁ ይልቅ የጥሪውን አካሄድ ማጤን ይሻላል። «ልጁ» ጥቂት ቃል ተናግሮ ያለቅስና ስልኩን «ጠበቃ»፣ «ፖሊስ» ወይም አጋች ይረከበዋል። ለማንም አትንገሩ፣ ስልኩን አትዝጉ ይባላል። ገንዘቡም በስጦታ ካርድ፣ በክሪፕቶ ወይም በጥሬው፣ ተመልሶ በማይገኝበት መንገድ ይጠየቃል። በስክሪኑ ላይ የልጅዎ ቁጥር ቢታይም ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥርም በሐሰት ይሠራል።

የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በ2024 መጨረሻ ቤተሰቦች የምስጢር ቃል እንዲይዙ መክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ድምፅን ይቀዳል እንጂ ሰውዬው የሚያውቀውን አያውቅም። ቃሉ ግን የትውልድ ቦታ፣ የቤት ስም ወይም የልደት ቀን ከሆነ ፌስቡክ ላይ ይገኛል። የክርስትና ስምም ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ነው። «ሰማያዊ ድስት» ዓይነት፣ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ይሻላሉ፤ አያትም ሳይቸገሩ ያስታውሷቸዋል። በቃል ይስማሙበት፤ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም አይላኩት።

ሲጠይቁም «ቃላችን ምንድን ነው?» ብቻ ይበሉ፤ መነሻውን እንኳ አይንገሩ። በእውነት የተጨነቀ ልጅ ቃሉን ሊረሳ ስለሚችል፣ መርሳቱ ብቻውን አጭበርባሪ አያደርገውም። ያኔ «ባለፈው ፋሲካ ምሳ የበላነው ማን ቤት ነው?» ዓይነት፣ የትም ያልተለጠፈ ነገር ይጠይቁ። ከዚያ ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ መልሰው ይደውሉ። ካልተነሳ አብሮት ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው ይደውሉ፤ እስኪያረጋግጡ ድረስም አንድ ሳንቲም አይላኩ።

ልጅዎ ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ፣ በሚቀጥለው ጥሪያችሁ በድምፅ እየተነጋገራችሁ ቃሉን ምረጡ፤ ለአያትም ንገሩ።