ጨረሩ በአንድ ቀን ለምን አይጨረስም?

በጨረር ሕክምና ክፍል ደጃፍ የሚጠብቁ አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ማሽኑ ይኸው፣ በሽታው ያለበትም ቦታ ታውቋል፤ ታዲያ በአንድ ቀን ሰጥተው ለምን አይገላግሏትም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር ለመጣ ቤተሰብ አምስትና ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ መቆየት ማለት የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የምግብ ወጪና ሳይታረስ የቀረ ማሳ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው ምክንያቱን ማወቅ ይገባዋል።

አንዲት የማኅጸን በር ካንሰር የተገኘባትን እናት እንውሰድ። ሐኪሙ ያዘዘላት 50 ግሬይ ጨረር ነው እንበል። ይህ በ25 ተከፍሎ በየቀኑ 2 ግሬይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአምስት ሳምንት ይሰጣታል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ኬሞቴራፒ ትወስዳለች። በመጨረሻም ጨረር አመንጪው በቀጭን ቱቦ ገብቶ ዕጢው ድረስ የሚጠጋበት የውስጥ ጨረር ይከተላል።

ግሬይ አንድ ኪሎ የሰውነት ክፍል የተቀበለው የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው። የአንድ ቀኑ 2 ግሬይ ከሙቀት አንጻር ሲታይ ከምንም አይቆጠርም፤ የተመታውን ሥጋ ሙቀት በአንድ ሺህኛ ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። እናቲቱ አልጋው ላይ ስትተኛ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ቆዳዋ ላይ የተደረጉትን ምልክቶች ከማሽኑ መስመር ጋር በማስተካከል ነው። ጨረሩ የሚለቀቀው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን ምንም አይሰማትም። ብዙ ሰው «ጨረሩ ዕጢውን ያቃጥለዋል» ይላል እንጂ ሥራው ማቃጠል አይደለም።

ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ከአተሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን እየነጠቀ ይሄዳል። ሕዋስ በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚመታው ውኃው ነው። የተሰበረው የውኃ ሞለኪውል ፍሪ ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይሆናል። ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ጉዳት የሚያደርሰው እዚያው ዲኤንኤው አጠገብ ከተፈጠረ ብቻ ነው። በኤክስሬይ ዓይነት ጨረር ዲኤንኤ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቀሪው ኤሌክትሮኖቹ ዲኤንኤውን ራሱን ሲመቱት የሚፈጠር ነው።

ዲኤንኤ እርስ በርስ እንደተጠማዘዙ ሁለት የገመድ ክሮች ነው። 2 ግሬይ የተቀበለ አንድ ሕዋስ ውስጥ አንዱ ክር ብቻ የተበጠሰበት ቦታ ወደ 2,000 ይደርሳል። ቁጥሩ ቢያስፈራም ለሕዋሱ ይህ ቀላል ነው። ያልተበጠሰው ክር አጠገቡ ስላለ እሱን አብነት አድርጎ የጎደለውን ይሞላዋል። የሚገድለው ሁለቱም ክሮች አንድ ቦታ ላይ ሲበጠሱ ነው። ይህ ዓይነቱ ስብራት በዚያው ሕዋስ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ቢሆን ነው። ሕዋሱ ይህንንም ይጠግናል፤ ጫፍና ጫፉን ፈልጎ ያገናኛል። ሁለት ስብራቶች በአንድ ጊዜ ተቀራርበው ከተገኙ ግን ጫፎቹ ይምታቱበታል። የአንዱ ክሮሞሶም ጫፍ ከሌላው ክሮሞሶም ጫፍ ጋር ይጣበቃል። እንዲህ የተዛቡ ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በአደጋ ጨረር ያገኘው ሰው ምን ያህል እንደተቀበለ የሚገመተውም በደሙ ውስጥ እነሱን በመቁጠር ነው።

በዚህ መልክ የተጎዳ ሕዋስ ወዲያው አይሞትም። ዲኤንኤው ተሰባብሮም ቢሆን ይተነፍሳል፣ ይመገባል። ችግሩ የሚገለጠው ለሁለት ሊከፈል ሲነሳ ነው፤ የተጣበቁት ክሮሞሶሞች በሁለት አቅጣጫ ሲጎተቱ ይቀደዳሉ፣ ሕዋሱም ያኔ ይሞታል። አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ዕጢው አለመቀነሱ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለሳምንታት እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ የአስታማሚው ጥያቄ እንደገና ይነሳል። ስብራት የሚገድል ከሆነ ብዙ ስብራት በአንድ ቀን ቢፈጠር ምናለበት? መልሱ መጀመሪያ የተገኘው በበግ ነው። በ1920ዎቹ ፓሪስ በሚገኘው የራዲየም ተቋም የሚሠራው ክሎዲየስ ሬጎ የአውራ በግን ቆለጥ በጨረር ለማምከን ሞከረ። ዘሩን የሚያመርቱት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ስለሚራቡ የዕጢ ምሳሌ አድርጎ ወሰዳቸው። ጨረሩን በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በጉን ማምከን የሚችለው የላዩን ቆዳ ክፉኛ አቁስሎ ነበር። ከፋፍሎ በብዙ ቀን ሲሰጠው ግን በጉ መከነ፣ ቆዳውም ተረፈ። የዚያው ተቋም ሐኪም ኦንሪ ኩታር ይህንኑ በጉሮሮ ካንሰር ሕሙማን ላይ ሥራ ላይ አዋለው።

ምስጢሩ ቅድም ባነሳነው የጫፎች መምታታት ላይ ነው። የዕለቱ መጠን ትንሽ ሲሆን ስብራቶቹ ይራራቃሉ፤ ሕዋሱም አንዱን ከሌላው ሳያምታታ በሰዓታት ውስጥ ይጠግናቸዋል። መጠኑ ሲያድግ ስብራቶቹ ይጠጋጋሉ፣ የሚምታታውም ይበዛል። ስለዚህ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ በሁሉም ሕዋስ ላይ እኩል አይታይም። ቀስ ብለው የሚከፈሉት ጤነኛ ሕዋሳት፣ ለምሳሌ በፊንጢጣና በፊኛ ግድግዳ ያሉት፣ ትንንሹን መጠን በደንብ ይቋቋማሉ፤ በትልቁ ግን ክፉኛ ይጎዳሉ። ቶሎ ቶሎ የሚከፈለው የማኅጸን በር ካንሰር ግን ጨረሩ ተከፋፍሎ ቢመጣም የሚተርፈው እምብዛም አይደለም። መከፋፈሉ የሚጠቀመው በዚህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱን በእናቲቱ ሒሳብ እንየው። 50 ግሬይ በ25 ቀን ከመስጠት ይልቅ በየቀኑ 7 ግሬይ እየሰጠን በአምስት ቀን እንጨርስ ብንል፣ በድምሩ 35 ግሬይ ዕጢው ላይ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል። ጤነኛው አካል ያንኑ መጠን ከተቀበለ ግን፣ ባለሙያዎች በሚሠሩበት ስሌት፣ ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ዘግይቶ የሚመጣ የምንለው በሕክምናው ወቅት የሚታየውን ተቅማጥ አይደለም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን የፊንጢጣ መድማት፣ የፊኛ መኮማተርና የአካል መበሳት ነው። በአምስት ቀን የተገላገለች እናት ዋጋውን የምትከፍለው ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ቀናት መቆየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ኦክስጅን ጨረሩ ያደረሰውን ጉዳት የማይጠገን ያደርገዋል። በትልቅ ዕጢ መሐል የደም ሥር በቅጡ ስለማይደርስ እዚያ ያሉ ሕዋሳት ኦክስጅን ያንሳቸዋል፤ እነሱን ለመግደል እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል። በየቀኑ በሚሰጠው ጨረር ኦክስጅን በደንብ የሚያገኙት ቀድመው ሲሞቱ፣ የተቀሩት ተራቸውን ኦክስጅን ያገኛሉ፤ በቀጣዩ ቀን ለጨረሩ የተጋለጡ ይሆናሉ።

የየቀኑ ጨረር ምን ያህል ይገድላል? ለስሌት እንዲመቸን ግማሹን እንበል። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚሆን ዕጢ አንድ ቢሊዮን ያህል ሕዋስ ይይዛል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ 500 ሚሊዮን ይቀራል። ከአሥረኛው በኋላ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ ከሃያኛው በኋላ አንድ ሺህ ገደማ፣ ከ25ኛው በኋላ ደግሞ 30 ያህል ይተርፋል። እነዚያን ለመጨረስ ነው የውስጥ ጨረሩ የሚከተለው። በሃያኛው ቀን ደሙ ቆሞ፣ ሕመሙ ቀሎ ሊሆን ይችላል፤ «ድኛለሁ» ብላ ወደ አገሯ የምትመለስም አትጠፋም። ይዛው የምትመለሰው ግን በዓይንም በምርመራ መሣሪያም የማይታይ ሺህ የካንሰር ሕዋስ ነው። በሽታው እንደገና ለመነሳት ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

መዘግየትም እንዲሁ ይጎዳል። ከካንሰሩ የተረፉት ሕዋሳት በሕክምናው መሐል ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ሳምንታት ሲያልፉ የመራባት ፍጥነታቸው ይጨምራል። ስለዚህ ለማኅጸን በር ካንሰር የውጪውም የውስጡም ጨረር በድምሩ ከስምንት ሳምንት፣ ማለትም ከ56 ቀን፣ እንዳያልፍ ይመከራል። ከዚያ በላይ የሚዘገይ እያንዳንዱ ቀን ካንሰሩን በቦታው የመቆጣጠር ዕድልን ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ይቀንሳል። ማሽን ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ሳምንት ሲባክን የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው። የባከነውን ቀን በማግስቱ 4 ግሬይ በመስጠት ማካካስም አይቻልም፤ የዘገየ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ከሚሰጥ 2 ግሬይ ይበልጣልና። ያለው መንገድ ቅዳሜ መስጠት፣ ወይም በአንድ ቀን ሁለቴ ሰጥቶ በመሐሉ ሕዋሳቱ የሚጠግኑበት ቢያንስ ስድስት ሰዓት መተው ነው።

ይህ ማለት ለሁሉም ካንሰር 25 ቀን ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ለመጠን ትልቅነት ያላቸው ምላሽ ወደ ጤነኛው አካል ስለሚቀርብ፣ ዛሬ የጡት ካንሰር በ15 ቀን፣ ለአንዳንዶችም በአምስት ቀን ይታከማል። ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰርን ሕመም ለማስታገስ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ ለብዙዎች ይበቃል። እዚያ ዓላማው ማስታገስ እንጂ የመጨረሻዋን ሕዋስ መግደል አይደለም። የቀኑን ቁጥር የሚወስነው የካንሰሩ ዓይነት፣ የሕክምናው ዓላማና በአጠገቡ ያለው አካል ነው።

ስለዚህ ጨረር የጀመረ ሰው ወይም አስታማሚው መጀመሪያውኑ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የታዘዘው ስንት ጊዜ ነው? መቼ ማለቅ አለበት? ቀን ቢያመልጥ እንዴት ይካካሳል? ለቀረው ቀን የሚሆን ማረፊያና ገንዘብ ካጠረ ከማቋረጥ በፊት ለሐኪሙ ይነገር። ተቅማጡ ወይም ድካሙ ቢበረታም እንዲሁ፤ አብዛኛው መድኃኒት አለው፣ ለተቋረጠ ጨረር ግን የተሟላ ማካካሻ የለውም።