ሞተሩ ሲገለበጥ አርዱይኖው ለምን ይጠፋል?

ትንሿ መኪና ወደፊት እየሄደች ድንገት ወደኋላ ስትታዘዝ አርዱይኖው እንደ አዲስ ይነሳል። የሞተሩን ሽቦ ነቅላችሁ ያንኑ ኮድ አሂዱ፤ ችግሩ ከጠፋ ኮዱን አትጠርጥሩ።

አቅጣጫ የሚቀይረው ኤች-ብሪጅ አራት ማብሪያዎች አሉት፤ በሰያፍ ሁለት ሁለቱ ይበራሉ። በአንድ ወገን ያሉት አብረው ከበሩ ባትሪው ሾርት ያደርጋል።

የሞተር ጥቅል ከረንቱ ሲቋረጥበት ወዲያው አይቆምም። መውጫ ካጣ ቮልቴጁ ሽቅብ ተወርውሮ ትራንዚስተሩን ይገድላል። መውጫውን የሚሰጡት ዳዮዶች ናቸው፤ ታዋቂው ኤል298 ቺፕ ግን በውስጡ የሉትም፣ ከውጭ ይጨመራሉ።

የብሩሹን ብልጭታ ለማፈን 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል፣ እዚያው ሞተሩ ላይ ይበየዳል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ስጡት። ኔጌቲቮቹ ግን ድራይቨሩ ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኙ፤ ካልተገናኙ ድራይቨሩ የአርዱይኖውን ትእዛዝ በትክክል አያነብም።