ስም፣ ፎቶግራፍ ወይም የትዳር ሁኔታ ተለውጦ ሲገኝ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት የሚታደስበት አግባብ

የአገልግሎት ዘመኑ ያበቃ ፓስፖርት ይታደሳል ሲባል በቀድሞው ደብተር ላይ ጊዜ ይጨመራል ማለት ሳይሆን፣ አዲስ ቁጥር ያለው ሌላ ደብተር ይሰጣል ማለት ነው። አዲሱ ደብተር የሚዘጋጀው ግን ቀደም ሲል በተያዘው መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው። በመሆኑም አመልካቹ በቅጹ ላይ የሚሞላው ስም በመዝገቡ ከሚገኘው ስም የተለየ ከሆነ፣ ጉዳዩ ተራ እድሳት መሆኑ ቀርቶ በማስረጃ የሚደገፍ የመረጃ ለውጥ ይሆናል።

ከሦስቱ ለውጦች በብዙዎች ዘንድ ግር የሚያሰኘው የትዳር ሁኔታ ነው። በፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ላይ ስም፣ ዜግነት፣ የትውልድ ቀንና ስፍራ፣ ጾታ፣ ደብተሩ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ሲሰፍሩ ያገባ፣ ያላገባ ወይም የተፋታ የሚል ቦታ የለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ እንደምትቀጥል ይደነግጋል። ስለዚህ ጋብቻም ሆነ ፍቺ በራሱ በፓስፖርቱ ላይ የሚለውጠው ነገር አይኖርም።

ችግሩ የሚነሳው ጉዞ ሲታሰብ ነው። ለአብነት ያህል ባለቤቷ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የተመደበ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እንውሰድ። ስሟ ጽጌ ከበደ ተስፋዬ ቢሆን፣ የፓስፖርቱ አሠራር የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የራስንና የአባትን ስም ደግሞ በመጠሪያ ስም ቦታ ስለሚያሰፍር፣ መሣሪያ የሚያነበው የመጀመሪያው መስመር እንደሚከተለው ይሆናል፦

```
P<ETHTESFAYE<<TSIGE<KEBEDE<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

በባለቤቷ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስምነት የሚሰፍረው የእሱ አያት ስም ነው። የልጃቸው የቤተሰብ ስም ደግሞ የልጁ አያት፣ ማለትም የባለቤቷ አባት ስም ይሆናል። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይዘው ይገኛሉ ማለት ነው። ይህ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም የውጭ አገር የቪዛ ሠራተኛን ሊያጠያይቅ ይችላል። ሠራተኛዋ ይህን ለማስቀረት በማሰብ የእድሳት ቅጹን በባለቤቷ ስም ብትሞላው፣ ቅጹ ከቀድሞው መዝገብና ከልደት ማስረጃዋ ጋር ስለማይጣጣም ማመልከቻዋ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትክክለኛው መንገድ ፓስፖርቱን በራሷ ስም አሳድሶ፣ የተመዘገበ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷንና የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ተርጉማና አረጋግጣ ከቪዛ ማመልከቻው ጋር ማቅረብ ነው። ዝምድናን የሚያስረዱት እነዚህ ሰነዶች እንጂ የስም መመሳሰል አይደለም።

ስሙን በእርግጥ የለወጠ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርበታል። በቅድሚያ ሥልጣን ካለው ፍርድ ቤት ውሳኔ ይገኛል፤ ቀጥሎ የልደት ማስረጃውና የነዋሪነት መታወቂያው በውሳኔው መሠረት ይስተካከላሉ፤ ፓስፖርቱ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ያለው ሰውም መረጃው አብሮ መስተካከሉን ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። ውሳኔው የተሰጠው በውጭ አገር ከሆነ፣ ሰነዱ በዚያው አገር የሚመለከተው አካልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል መረጋገጥ ይገባዋል። ከጋብቻ ጋር የባለቤቷን ዜግነት በፈቃዷ የወሰደች ሴት ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቷን ስለምታጣ፣ ጥያቄዋ የስም ለውጥ መሆኑ ያበቃል።

ስሙ ሳይለወጥ በላቲን ፊደል አጻጻፉ ብቻ የሚለያይበት ጊዜም አለ። በዲግሪው ላይ TSIGIE፣ በፓስፖርቱ ላይ TSIGE ተብሎ የተጻፈ ስም በአማርኛ አንድ ቢሆንም በኮምፒዩተር ፊት ሁለት ነው። እዚህ ላይ የትኛው ሰነድ ቢስተካከል ይሻላል የሚለውን አስቀድሞ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጠው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ከሆነ፣ የቀድሞውን አጻጻፍ እንደያዙ መቀጠል አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ እንግልት አለው።

ፎቶግራፍን በሚመለከት የሚያሰጋ ነገር የለም። በአገር ውስጥ ፎቶግራፉ የሚነሳው በአገልግሎት መስጫው ሲሆን አሻራም አብሮ ይወሰዳል። ጢም ማሳደግ፣ መወፈርም ሆነ በዕድሜ መለወጥ ማስረጃ አያስጠይቅም። ሆኖም ከዚህ ቀደም በሌላ ስም ፓስፖርት ያወጣ ሰው በአሻራው ሊታወቅ ስለሚችል፣ ነገሩን ራሱ አስቀድሞ ማስረዳት ይሻለዋል።

አዲሱ ደብተር ከተገኘ በኋላ የቀድሞውን መጣል አይገባም። ለምሳሌ አሜሪካ ጊዜው ባለፈ ፓስፖርት ላይ የሚገኝን ያልተቃጠለ ቪዛ፣ ሁለቱም ደብተሮች ተይዘው ከቀረቡ ትቀበላለች። ስሙ ከተለወጠ ግን በአዲሱ ስም ሌላ ቪዛ ማውጣቱን የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይመክራል። የአውሮፕላን ትኬትም አዲሱ ደብተር እጅ ላይ ሳይገባ ባይቆረጥ ይመረጣል፤ በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከመረጃ ገጹ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበትና።