እምቢ ያለ ሁሉ አእምሮውን አልሳተም

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስሄድ ሚኒባሱ ወረታ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ከኋላዬ ወሬ ተነሣ። አንድ የፎገራ ገበሬ እግሩ ይቆረጥ ቢባል እምቢ አለ፣ ሐኪሞቹም አስፈርመው ሸኙት ነው ወሬው። አንዱ «አእምሮው ተነክቶ ነው እንጂ ጤነኛ ሰው ሞትን ይመርጣል?» አለ። ሌላው «ፈርሟል፣ አለቀ!» ብሎ ዘጋው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተታቸው በሕክምና ክፍሎቻችን ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሕጉን ቶሎ እንለፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ እምቢታው ራሱ የእብደት ማስረጃ አይሆንም። ፊርማም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ቀለም መኖሩን እንጂ የፈረመው ሰው ምን እንደገባው አያሳይም። የሚመረመረው የመወሰን ችሎታው ነው። («ችሎታ» የሚለው ቃል አይመቸኝም፤ ሙያን ያስመስላል፤ ግን ሕጉ የሚጠቀመው እሱን ነው።) ፖል አፔልባም እና ቶማስ ግሪሶ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ችሎታ በአራት ከፍለው አስቀምጠውታል። እነሱም የተነገረውን መረዳት፣ ነገሩን በራስ ላይ ማየት፣ ማመዛዘን እና ምርጫን መግለጽ ናቸው።

በምሳሌ እንየው። ማንንም እንዳያጋልጥ ከብዙ ታካሚዎች ያቀናጀሁት ሰው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የስኳር ሕመም አለበት። ሩዝ ሲያርም ጭቃ ውስጥ እግሩን ወጋው፤ ስሜቱ ደንዝዞ ስለነበር አላወቀም። ሆስፒታል የደረሰው ጣቶቹ ጠቁረው ነው። ትኩሳቱ 39.2፣ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር 410 ሚሊግራም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ከጉልበት በታች ይቆረጥ አለ። እሱ «አላስቆርጥም» አለ።

በዚያ ምሽት ነርሷን በልጁ ስም ይጠራታል፣ በሬዎቹ ገብተው እንደሆነ ይጠይቃል። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ቁጠሩ ሲባል ቅዳሜ፣ ዓርብ ብሎ ይጠፋበታል። ይህ በትኩሳት የሚመጣ መቃዠት ነው፤ እንደ ሰፈራችን መብራት ይመጣል ይሄዳል። በዚያ ሰዓት «ይቆረጥ» ቢልም እንደ «አይቆረጥ» ሁሉ ውሳኔ አይባልም። የመጀመሪያው ሥራ ፈሳሽ፣ ኢንሱሊንና አንቲባዮቲክ ሰጥቶ፣ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ጠብቆ እንደገና መጠየቅ ነው። በማግስቱ ረፋድ ትኩሳቱ ወርዶ ቀናቱን ሳይሳሳት ቆጠረ። (ዓመተ ምሕረቱንና ሰዓቱን ስትጠይቁት በእኛ አቆጣጠር ጠይቁት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያለውን ገበሬ ካርዱ ላይ 8:00 ስለሚል ብቻ ተሳስቷል ያለ ሐኪም በዓይኔ አይቻለሁ።)

መረዳቱን ለመለካት «ገባዎት?» ማለት ከንቱ ነው፤ ባላገር ሐኪም አክብሮ «አዎ» ይላል። ጥያቄው «የነገርንዎትን ቤት ላሉት እንደሚያስረዱ አድርገው ይንገሩኝ» ነው። እሱም «ቁስሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደሜ ውስጥ ይገባል፣ ካልተቆረጠ ይገድልሃል ብላችሁኛል» አለ። ተረድቷል።

ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ነው፤ ብዙዎች ከመጀመሪያው አይለዩትም። ርብ ሊሞላ ነው የሚለውን ወሬ ሰምቶ ለጎረቤቱ አሳምሮ የሚያስረዳ፣ ነገር ግን በወንዙ ዳር ተቀምጦ «የእኔን ደጅ ውኃ አይነካውም» የሚል ሰው አስቡ። መረዳቱ ሙሉ ነው፤ በራሱ ላይ ግን አላየውም።

ሁለት እውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳዮች ልዩነቱን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ቴነሲ ሜሪ ኖርዘርን የተባሉ የ72 ዓመት ሴት እግሮቻቸው በብርድ ሞተው ጠቁረው ነበር። በሌላ ጉዳይ ንግግራቸው የሰመረ ነው። እግራቸውን ግን የጠቆረው በቆሻሻ ነው፣ ይድናል ይሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ የመወሰን ችሎታ የላቸውም አለ። (ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ አርፈዋል።) እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ በእንግሊዝ ብሮድሙር የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ የ68 ዓመት ታካሚ፣ ፍርድ ቤቱ «ሲ» ብቻ ብሎ የጠራው፣ ዝነኛ ሐኪም ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። እግሩ ሲበሰብስ ካልተቆረጠ የመትረፍ ዕድሉ 15 በመቶ ነው ተባለ። ልሞት እንደምችል አውቃለሁ፣ ግን በሁለት እግሬ ልሙት አለ። ፍርድ ቤቱ ያለ ፈቃዱ እንዳይቆረጥ አገደ። አእምሮ ታማሚ የተባለው ስለ እግሩ እውነቱን ያያል፤ ጤነኛ የመሰሉት አያዩም።

ገበሬያችንን «ይህ በእርስዎ ላይ የሚደርስ ይመስልዎታል?» አልነው። «እግሩማ ሞቷል፣ ይሸተኛል» አለ። «ታዲያ ምን ያስባሉ?» «ጠበል እሄዳለሁ።»

እዚህ ላይ እኛው ሐኪሞች እንጣላለን። ጠበል ያለውን ሁሉ አላየም የሚል ባልደረባ አለኝ። እኔ አልስማማም፤ እምነት የብዙኃኑ ከሆነ ቅዠት አይባልም። ሆኖም ጥያቄው በዚያ አይቆምም፤ «ጠበሉ ባይሽርዎትስ?» ይባላል። እሱ «እግዜር ያለው ይሆናል፤ ልሞትም እችላለሁ» አለ። «እኔ አልሞትም፣ ተነግሮኛል» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። በመሐል ያሉ መልሶች አሉ፤ በእነሱ ላይ ሁለት ጥሩ ሐኪሞች ሊለያዩ ይችላሉ። ሌላም ክርክር አለ፦ አደጋው በከበደ ቁጥር ችሎታው በጠበቀ መስፈርት ይለካ ወይ? እኔ ጥያቄው ይጥበቅ እላለሁ፤ ታካሚው ከእኛ ጋር ስላልተስማማ ብቻ ሚዛኑ ከተቀየረበት ግን ማጭበርበር ነው።

ማመዛዘኑ «በአንድ እግር ጭቃ ውስጥ ማን ይቆማል? ልጆቼ ገና ናቸው» የሚል ነበር። ምክንያቱ ሐኪሙን ማስደሰት የለበትም፤ መነሻውና መድረሻው ይያያዝ እንጂ። ምርጫው ጸንቶ እንደሆነ ለማየት ልጆቹን አስወጥተን ከሰዓት በኋላ ደግመን ጠየቅነው። ያው ነው። ስለዚህ የሞቱትን ጣቶች ብቻ ማንሣትን እንደ ሌላ አማራጭ አቀረብንለት፤ በደንብ የማይበቃ መሆኑንም ነገርነው። እሱን ተቀበለ።

አሁን ካርዱ። የተለመደው «ታካሚው እምቢ ብሏል፣ ተመክሯል፣ ፈርሟል» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ይህ መስመር የምሽቱን ሰውና የረፋዱን ሰው አይለይም። መጻፍ ያለበት ቀንና ሰዓቱ፣ ትኩሳቱና ስኳሩ፣ ቀናቱን ወደ ኋላ መቁጠር መቻሉ፣ ማን አብሮ እንደነበር፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ችሎታ ጥያቄው፣ መልሱና የሐኪሙ ፍርድ ነው። ምርመራው መቼ እንደሚደገምም ይጻፋል። መልሱ ግን በታካሚው ቃል፣ በአማርኛ፣ በፊደል ይስፈር። «አልፈልግም»፣ «ይቅርብኝ»፣ «ልሙት ተዉኝ» ሦስቱም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንድ «እምቢ» ይሆናሉ። የመጨረሻው ግን ድባቴ መኖሩን እንድንጠይቅ የሚያስገድድ ነው፤ ወይም የሰውየው የምሬት አነጋገር ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቃሉ ከተጻፈ ነው።

ስለዚህ አስታማሚ ሆናችሁ «እምቢ ብሏል፣ ፈርሙ» ስትባሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ተጠይቆ ምን ብሎ እንደመለሰ ካርዱ ላይ ይነበብላችሁ በሉ።