አንድ ዘመቻ፣ አራት ቋንቋ፣ ስድስት ዓይነት «ንጹሕ»

እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም በትዊተር አንድ ዘመቻ አስጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ እጅን በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ ሲታጠቡ በቪዲዮ መቅረጽ፣ ሌሎችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ መጋበዝ። የዘመቻው ሃሽታግ #SafeHands ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው ከጀርም የጸዳ እጅ፣ ሁለተኛው አንድን ነገር ያለ ሥጋት በአደራ የሚሰጡት ሰው።

እንዲህ ያለውን ዘመቻ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በዓረብኛ እንዲያቀርብ የታዘዘ አንድ ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ጀመረ እንበል። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ ትርጉሙ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ሃሽታጉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ንጹሕ እጅ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን «እጁ ንጹሕ ነው» ሲባል የሚሰማው ሰውየው አልሰረቀም፣ ጉቦ አልበላም የሚለውን ነው። ሌባውን «እጀ ረጅም» በሚል ቋንቋ «ንጹሕ እጅ» የሚል ሃሽታግ ከጤና ሚኒስቴር ይልቅ ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ይስማማል። ይህ የፍቺ ችግር ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ የባሰ አለ።

«ንጹሕ» የሚለው ቃል በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ» ይጻፋል። መጨረሻው በሃሌታው «ህ»፣ በሐመሩ «ሕ» ወይም በብዙኃኑ «ኅ» ሊሆን ይችላል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። #ንጹሕ_እጅ ብሎ የለጠፈና #ንፁህ_እጅ ብሎ የለጠፈ ሰው በአንድ ሃሽታግ ሥር አይገናኙም። በሁለቱ ቃላት መካከል የታች ሰረዝ የሚያስገባና የማያስገባ ሲጨመር ስድስቱ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ዘመቻው ሳይጀመር በአሥራ ሁለት ይበታተናል ማለት ነው። ይህን ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው፤ የታሰበው ቃል በሁሉም አጻጻፉ በመፈለጊያው ሳጥን እየገባ ይታያል።

ስለዚህ ቡድኑ ሞክሼ ፊደል የሌለበት ቃል ይፈልጋል። «እጅ እንታጠብ» የተሻለ ነው። በ«ታ»፣ በ«ጠ» እና በ«ብ» የሚሳሳት የለም፤ «እ»ንም በዓይኑ «ዕ» የሚጽፈው ሰው ጥቂት ነው። የታች ሰረዙ ግን ግዴታ ነው። እንግሊዝኛ ቃላትን በትልልቅ ፊደላት መለየት ይችላል፤ ያም ሆኖ ይሳሳታል። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ሲያርፉ #nowthatchersdead የሚል ሃሽታግ ተሰራጨ። «ታቸር ሞተች» ለማለት ነበር። ብዙዎች ግን ፊደሎቹን በሌላ ቦታ ከፍለው «ቼር ሞተች» ብለው አነበቡትና በሕይወት ላለችው ዘፋኝ አዘኑ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ቃል ከቃል የሚለይለት ያች ሰረዝ ብቻ ናት።

አማርኛ ሌላም ጠባይ አለው፤ ቃል ላይ ከፊትም ከኋላም ይለጥፋል። «በ#እጅ_እንታጠብ ዘመቻ ተሳተፉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሃሽታጉን ይገድለዋል፤ ምልክቱ ፊደል ሲቀድመው ኤክስ፣ የቀድሞው ትዊተር፣ ሊንክ አያደርገውም። «#እጅ_እንታጠብን ተቀላቀሉ» የሚል ደግሞ በ«ን» የሚያልቅ ሌላ ሃሽታግ ይፈጥራል። እንግሊዝኛው ሃሽታጉን በዓረፍተ ነገሩ መካከል ቢያስቀምጥም የአማርኛው ቦታ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው ነው።

አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ከሞክሼ ፊደል ጣጣ ነጻ ነው፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው። «ዛሬ» የሚለው ቃል har'a ተብሎ ሲጻፍ መካከሉ ላይ ሁዳ የምትባለው ምልክት አለች። ሃሽታጉ እሷ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፤ #Har'a ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው #Har ብቻ ነው። #HarkaHaaDhiqannu፣ ማለትም «እጃችንን እንታጠብ»፣ ሁዳ ስለሌለበት ሳይቆረጥ ይሠራል። በትግርኛ ደግሞ «እጅ መታጠብ» ኤርትራ ውስጥ #ኢድ_ምሕጻብ ተብሎ በ«ጸ» ሲጻፍ፣ ትግራይ ውስጥ #ኢድ_ምሕፃብ ተብሎ በ«ፀ» መጻፉ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አንዱን መርጦ ሌላውን «ስህተት» ማለት አይቻልም። ዘመቻው ሁለቱንም አንባቢ የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱንም ሃሽታግ ጎን ለጎን ማድረግ ነው።

«እንታጠብ» የተመረጠው ለፊደሉ ብቻ አይደለም።

የእንግሊዝኛው «ታጠብ» ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአዛውንትና ለሕዝብ አንድ ነው። አማርኛው ታጠብ፣ ታጠቢ፣ ይታጠቡ፣ ታጠቡ ብሎ አራት ቦታ ይከፈላል። «ታጠብ» ሴቶቹን ይተዋል፤ «ይታጠቡ» ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የባንክ ማስታወቂያ ይመስለዋል። በዓረብኛም ትእዛዙ ለወንድና ለሴት ይለያያል። በአፋን ኦሮሞ በሁለተኛ መደብ የጾታ ልዩነት የለም፤ ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰው ግን ይለያያል። «እንታጠብ» ሲባል ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል። አራቱም ቋንቋዎች ይህን «እኛ» የሚል መልክ አላቸው፤ ዓረብኛው #لنغسل_أيدينا ይሆናል። እዚያም የሞክሼ ፊደሉ ዘመድ ይገኛል፤ ብዙ ሰው በስልክ ሲጽፍ አሊፏ ላይ ያለችውን ሃምዛ ይተዋታል።

ከዚያ ቀልዱ ይመጣል። በ2020 በእንግሊዝኛ ከተለመዱት ቀልዶች አንዱ የልደት መዝሙር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሲዘፈን 20 ሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ እጅን ማሻሸት የሚገባውን ጊዜ ይለካል። አዲስ አበባ ውስጥ ላደገ ልጅ ይህ ይገባው ይሆናል። ልደት በኬክና በዘፈን በማይከበርበት ቤት ግን ቀልዱም መለኪያውም አብረው ይጠፋሉ።

ቡድኑ እዚህ ላይ መተርጎሙን ትቶ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ አንባቢው ስለ እጅ መታጠብ አስቀድሞ ምን ያውቃል? ከገበታ በፊት ልጅ ጆግና ሳህን ይዞ ለእንግዳ ውሃ ማፍሰሱ፣ ታላቁም «እደግ፣ እደጊ» ብሎ መመረቁ የቆየ ወግ ነው። ለዚህ አንባቢ «እጅህን ታጠብ» ማለት የሚያውቀውን መንገር ነው። አዲሱ መልእክት ሳሙናው ነው። ስለዚህ የአማርኛው ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ውሃ ማስታጠቡ የኖረ ወግ ነው፤ ሳሙናውን አንርሳ። አቦል በውሃ፣ ቶና በሳሙና፣ በረካ በማለቅለቅ። 🧼 #እጅ_እንታጠብ»

በቡና የለመደውን ሦስት ዙር እጁ ላይ ሲያገኘው አንባቢው ፈገግ ይላል፤ ቅደም ተከተሉንም አይረሳውም። የጠፋ ነገርም አለ፤ የቡናው ዙር 20 ሰከንድን አይለካም። ያ ቁጥር ወደ ምስሉ ይሄዳል። ትግርኛ ተናጋሪው ለቡና ዙሮቹ የራሱ ስሞች ስላሉት ቀልዱ ስሞቹን ቀይሮ ይሻገራል። በዓረብኛው ግን ይህ የቡና ቀልድ ቀርቶ፣ ዓረብኛ ተናጋሪ የሆነ ጸሐፊ ከባዶ ሌላ ይጽፋል። በአራቱ ቋንቋዎች የማይለወጠው መልእክቱ እንጂ ቀልዱ አይደለም።

የቦታም ጉዳይ አለ። ኤክስ ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ 280 ቦታ ይፈቅዳል፤ አቆጣጠሩ ግን ለሁሉም ፊደል እኩል አይደለም። የላቲንና የዓረብኛ ፊደል እንደ አንድ ሲቆጠር የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ አማርኛና ትግርኛ 140 ፊደል፣ አፋን ኦሮሞና ዓረብኛ 280 ያገኛሉ። ብዙ አይጎዳም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብሮ ይይዛል፣ ቁቤ ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚረዝመውን ድምፅ ደግሞ ስለሚጽፍ ቦታ ይፈጃል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ከ80 ፊደል በታች ነው።

ኢሞጂ ቋንቋ የለውም ይባላል። ቡድኑ ለመሞከር መጀመሪያ 🙏ን ያስቀምጣል፤ ሁለት እጅ ስለሆነ። ግን በወረርሽኝ ጊዜ፣ ስለ በሽታ በሚናገር ጽሑፍ ሥር፣ ያ ምልክት ጸሎት ወይም የኀዘን መግለጫ ሆኖ ይነበባል። ኢሞጂ በተወለደበት በጃፓን ደግሞ ልመና፣ ምስጋና ወይም ይቅርታ ነው። የውሃ ጠብታዎቹ 💦 በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች ዘንድ የብልግና ፍቺ ስላላቸው በ🚰 ይተካሉ። ሳሙናው 🧼 ፍቺው ግልጽ ነው፤ ይሁንና የጸደቀው በ2018 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራና ባልታደሰ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ለዚህ ነው «ሳሙና» የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ ሊቀር የማይችለው።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ኢሞጂዎች ታሪክ ሲናገሩ ነው። በእንግሊዝኛው 🤢➡️🧼➡️😀 ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ የታመመው በሳሙና ይድናል። ያው ሰንሰለት በዓረብኛ ጽሑፍ መካከል ሲገባ ፊቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በሽተኛው ቀኝ ዳር፣ ጤነኛው ግራ ዳር ይሆናል። ቀስቶቹ ግን አይዞሩም፤ አሁንም ወደ ቀኝ ይጠቁማሉ። አንባቢው የሚያየው ጤነኛ ሰው ሳሙና ነክቶ ሲታመም ነው። መድኃኒቱ ለዓረብኛው ⬅️ን መጠቀም ወይም ቀስቱን ጭራሽ ማውጣት ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ የሚደረገው በኮምፒውተር ሳይሆን ጽሑፉ በሚነበብባቸው ስልኮች ነው፤ አንድ አሮጌ ስልክ፣ አንድ በዓረብኛ የተስተካከለ ስልክ፣ አንድ ለዓይነ ስውራን ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብ ስልክ። በሦስተኛው ላይ በተከታታይ የተደረደሩ አምስት ሳሙናዎች «ሳሙና፣ ሳሙና፣ ሳሙና» እየተባሉ አምስት ጊዜ ይነበባሉ፤ አንዱ ብቻ ይቀራል።

ዘመቻው በየዓመቱ ኦክቶበር 15 ከሚከበረው የዓለም እጅ መታጠብ ቀን ጋር የሚገጥም ከሆነ አንድ መስመር እንደገና ይታያል። ቀኑ በኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን ጥቅምት 4 ይሆናል። ሰዓቱ ደግሞ አለ። «የቀጥታ ስርጭት በ3 ሰዓት» የሚለው አማርኛ ጠዋት ነው፤ ያው «3» በዓረብኛው ሲገለበጥ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። አዲስ አበባና ሪያድ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ የሪያዱ አንባቢ ግን ስርጭቱ ከጀመረ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሆኖ ሲቀር፣ በዓረብኛው ካፕሽን ላይ 9 ተብሎ ይታረማል።