የእንቁላል ነጭ በዴንድሪቲክ ሴል ውስጥ

ዴንድሪቲክ ሴል በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀትና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ተሰራጭቶ የሚኖር፣ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ክንዶች ያሉት የመከላከያ ሥርዓት ሴል ነው። ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን እ.ኤ.አ. በ1973 ከአይጥ ጣፊያ ለይተው ገለጹት። ዋና ሥራው ባዕድ ነገርን ማጥፋት ሳይሆን ማሳየት ነው። ያገኘውን ፕሮቲን ቆራርጦ፣ ቁራጩን ኤምኤችሲ በሚባል ሞለኪውል ላይ አስቀምጦ ለቲ ሴሎች ያቀርባል፤ አብዛኞቹ ቲ ሴሎች ሙሉውን ፕሮቲን ቢያገኙት እንኳ ለይተው አያውቁትም። በአንደኛው ክፍል ኤምኤችሲ ላይ የተቀመጠውን ቁራጭ ገዳይ ቲ ሴሎች ያነባሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ላይ ያለውን ደግሞ ረዳት ቲ ሴሎች።

የሁለቱን መንገድ ልዩነት ለማየት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ፕሮቲን ከእንቁላል ነጭ የሚገኘው ኦቫልቡሚን ነው። ይህ ፕሮቲን የ385 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ለአይጥ ሲሰጥ ከ323ኛው እስከ 339ኛው ያለው የሰንሰለቱ ክፍል በሁለተኛው ክፍል ኤምኤችሲ ላይ፣ ከ257ኛው እስከ 264ኛው ያለው ደግሞ በአንደኛው ላይ ይቀመጣል። የቁራጮቹ ርዝመት የተለያየው በምክንያት ነው። የአንደኛው ክፍል ሞለኪውል ቦይ ጫፎቹ የተዘጉ በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲዶችን ብቻ ይይዛል። የሁለተኛው ጫፎች ግን ክፍት ስለሆኑ ረዘም ያለ ቁራጭ ከሁለቱም በኩል ተርፎ ሊወጣ ይችላል።

ሴሉ ኦቫልቡሚንን በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ በመጎንጨት ወይም በገጹ ላይ ባለ ተቀባይ ይዞ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ባክቴሪያን ወይም የሞተ ሴልን የመሰለ ትልቅ ነገር ሲያጋጥመው ግን ጠቅልሎ ይውጠዋል። በየትኛውም መንገድ የገባው ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው በሽፋን በተከበበ ከረጢት ውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል የሚወስደው መንገድ ቀጥተኛ ነው። ከረጢቱ እየጎመዘዘ ሲሄድ ካቴፕሲን የሚባሉ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል። የሁለተኛው ክፍል ሞለኪውል የሚሠራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሴሉ ክፍል ነው፤ በዚያ ሳለ ሌላ ቁራጭ እንዳይዝ ኢንቫሪያንት ቼን የተባለ ፕሮቲን ቦዩን ይዘጋበታል። ሞለኪውሉ ወደ ጎምዛዛው ከረጢት ሲደርስ መዝጊያው ተቆራርጦ ክሊፕ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ብቻ ትቀራለች። በሰው ላይ ኤችኤልኤ-ዲኤም የሚባለው ሞለኪውል ክሊፕን አስወጥቶ የተሻለ የሚገጥም ቁራጭ እንዲገባ ያደርጋል።

የአንደኛው ክፍል መደበኛ መንገድ ግን ከሴሉ ውስጥ ለተሠሩ ፕሮቲኖች ነው። እነዚህን በሴሉ ፈሳሽ ያለው ፕሮቲያሶም ይቆራርጣቸዋል፤ ታፕ የሚባል አጓጓዥም ቁራጮቹን ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ያስገባል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል፦ ከውጭ የመጣ ፕሮቲን በከረጢት ታጥሮ ሳለ ከፕሮቲያሶም ጋር እንዴት ይገናኛል? ጥያቄው የላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ፓፒሎማ ቫይረስ የሚራባው በኤፒተሊየም ሴሎች ውስጥ እንጂ በዴንድሪቲክ ሴል ውስጥ አይደለም፤ ገዳይ ቲ ሴሎችን ለመቀስቀስ የቫይረሱ ፕሮቲን ከውጭ መወሰድ ይኖርበታል።

ማይክል ቤቫን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳየው ይህ ተሻጋሪ ማቅረብ በተለይ ሲዲሲ1 በተባሉ ዴንድሪቲክ ሴሎች የዳበረ ነው። አንዳንዱ ፕሮቲን ከከረጢቱ ወጥቶ ወደ ሴሉ ፈሳሽ በመግባት በፕሮቲያሶም ይቆረጣል፤ ሌላው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ተቆርጦ በአንደኛው ክፍል ላይ ይጫናል። ለዚህ ዝግታ ይጠቅማል፤ ከረጢቱ ቶሎ ቢጎመዝዝ የሚፈለገው ቁራጭ ራሱ ተፈጭቶ ይጠፋልና።

የትኛው መንገድ እንደሠራ ለማወቅ ፕሮቲያሶምን የሚያግድ መድኃኒት ይጨመራል። የገዳዮቹ ምላሽ ከጠፋ በፈሳሹ በኩል ያለው መንገድ ይጠረጠራል። ሆኖም መድኃኒቱ ሴሉን መርዞት ሊሆን ስለሚችል፣ በጎን ባለ ሌላ ሳህን ቀድሞ የተዘጋጀው ባለ 8 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ለተመሳሳይ ሴሎች ይሰጣል። ይህ ቁራጭ መቆረጥ ሳያስፈልገው በሴሉ ገጽ ካለው ኤምኤችሲ ጋር ይያያዛል። በዚህ ሳህን ምላሹ ካልቀነሰ ሴሉ ደህና ነው፤ የታገደው ቆረጣው ወይም ማጓጓዙ ነው።

ቁራጩ መታየቱ ብቻ ግን ጥቃት አያስነሳም። ዴንድሪቲክ ሴሉ የባክቴሪያ ወይም የቫይረስ ምልክት ሲያገኝ ወደ ሊምፍ ዕጢ ይጓዛል፣ በገጹም ላይ ሲዲ80ና ሲዲ86 የተባሉ ቀስቃሽ ሞለኪውሎችን ያበዛል። ዴክ-205 በሚባለው ተቀባይ በኩል ያለ አደጋ ምልክት ኦቫልቡሚን የተሰጣቸው አይጦች ቁራጩን በአንደኛው ክፍል ላይ በሚገባ አቅርበዋል፤ ያነበቡት ገዳይ ቲ ሴሎች ግን ለአጭር ጊዜ ከተባዙ በኋላ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፣ አይጦቹም ለኦቫልቡሚን ምላሽ መስጠት አቁመዋል።