«ከጫንኩት ሁለት ቀን ሆነኝ»

አንድ የፊዚክስ መምህር የ40 ደቂቃ ትምህርት በስልኩ ይቀርጻል እንበል። ቪዲዮውን በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ተማሪዎቹ ወደሚከታተሉበት የኢንተርኔት መድረክ ማክሰኞ ማታ ይጭነዋል። ሐሙስ ማታ ሲከፍተው ገጹ ዛሬም «Processing» ይላል። መምህሩ ለድጋፍ ሰጪው ክፍል ኢሜይል ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትምህርት ከጫንኩ ሁለት ቀን ሆነኝ። እስካሁን ለተማሪዎቼ አልታየም። ምክንያቱን ብታሳውቁኝ።»

ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ነገር ግን የሚቀበለው ሠራተኛ ምንም ሊሠራበት አይችልም። በማግስቱ የሚመጣው መልስ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፦ የትኛው ትምህርት? የፋይሉ ስም ማን ነው? የቆመው የት ላይ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ብዙዎቻችን «መጫን» የምንለው ነገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል። መጀመሪያ ፋይሉ ከኮምፒውተራችን ተነሥቶ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይጓዛል። 1.3 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ፣ የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሆነ መስመር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ከተቋረጠ በመቶኛ የሚቆጥረው መስመር 100 ሳይደርስ ይቆማል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ነው።

«Processing» የሚለው ግን ፋይሉ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ሥራ ነው። ሰርቨሩ ቪዲዮውን ከፍቶ፣ ደካማ ኢንተርኔት ላለውም ጥሩ ኢንተርኔት ላለውም እንዲሆን በተለያየ የጥራት ደረጃ ደግሞ ይሠራዋል። ለ40 ደቂቃ ትምህርት ይህ የደቂቃዎች፣ ወረፋ ከበዛም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሁለት ቀን ካለፈ ሥራው በመካከል ወድቋል ብሎ መገመት ይሻላል፤ መውደቁን ለገጹ የሚነግረው ስለሌለ ብቻ ጽሑፉ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሦስተኛ ቀን መጠበቅ ፋይዳ የለውም። ያንኑ ፋይል ደጋግሞ መጫንም ፓኬጅ ከመጨረስ በቀር አይጠቅምም።

ለምን ይወድቃል? አንዱ የተለመደ ምክንያት ጎዶሎ ፋይል ነው። ስልክ ሲቀርጽ፣ እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ ፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተውን moov የተባለ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹ ከተነቀለ ጭራው ሊቀር ይችላል፤ ማውጫውም አብሮ ይቀራል። የተላከው 1.3 ጊጋባይት በሙሉ ስለደረሰ የመጀመሪያው ሥራ 100 ይላል፤ ሰርቨሩ ሊከፍተው ሲሞክር ግን አይችልም። የድጋፍ ሠራተኛው መዝገቡን ቢያይ ምናልባት ይህን ያገኛል፦

```
moov atom not found
```

መምህሩ ይህን ከቤቱ ሳይወጣ መጠርጠር ይችል ነበር። ስልኩ ላይ ያለው ቪዲዮ 1.8 ጊጋባይት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው 1.3። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ለማጫወት ቢሞክርም አይከፈትለትም። መጠኑ እኩል ሆኖ፣ ቪዲዮውም እስከ መጨረሻው ከተጫወተ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ መጫን ነው። አጭሩ ካለፈ ጥርጣሬው ወደ ረጅሙ ፋይል ያዘነብላል፤ አጭሩም ከቆመ ወደ መድረኩ።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ወጥመድም አለ፤ ሰዓት። ሠራተኛው መዝገቡን የሚፈልገው በሰዓት ነው። መምህሩ «ኅዳር 9 ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ ለውጭ አገር ድርጅት ቢጽፍ፣ ሰውየው ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ቀን በ2018 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር November 18, 2025 ነው፤ ሰዓቱም በአዲስ አበባ 20:00፣ በUTC 17:00።

እንግዲህ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ኖሮ፦

«ጤና ይስጥልኝ። fizika_09.mp4 የተባለውን ትምህርት November 18, 2025 ከ17:00 UTC ጀምሮ ጫንኩ። 100% ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ‹Processing› ላይ ቆሟል። የጫንኩት ፋይል 1.3 ጊጋባይት ነው፤ ስልኬ ላይ ያለው ዋናው ግን 1.8። በዚያው ምሽት የጫንኩት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በደህና አልፏል። የትምህርቱ ሊንክና የገጹ ስክሪንሾት ተያይዟል። በእናንተ መዝገብ ምን ስህተት ይታያል? የቆመውንስ አጥፍቼ እንደገና ልጫን?»

ይህን የሚያነብ ሠራተኛ መልሶ የሚጠይቀው ብዙ የለውም። ምናልባት መምህሩ ራሱ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጽፍ ችግሩን ያየው፣ ደብዳቤውን ሳይልከውም ቪዲዮውን እንደገና ይገለብጠው ይሆናል።

ያም ሆነ ይህ፣ ትምህርቱ በተማሪ አካውንት ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ሲጫወት ሳታዩ ዋናውን ቪዲዮ ከስልካችሁ አታጥፉ።